«ቲቸር ለምን 11 ሰጠሽኝ?» ላለ ተማሪ መልስ የሚሆን ባለ አራት ደረጃ ሩብሪክ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ፣ ዘንድሮ የፍሬሽማን ኢንግሊሽ ሁለት ሴክሽን ተሰጠኝ፣ 110 ተማሪ ማለት ነው። አርጊዩሜንታቲቭ ኤሴይ ክላስ ውስጥ አጽፌ ከ20 አረምኩ፣ አንዱ ልጅ መጥቶ ቲቸር ለምን 11 ሰጠሽኝ ሲለኝ መልስ አጣሁ። አራት ደረጃ ያለው ቀላል ሩብሪክ ከነክብደቱ መስራት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? እህታችሁ ግራ ገብቷታል።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሰንጠረዥ ከመስራትሽ በፊት የዛን ልጅ ወረቀትና 15 የሰጠሽውን የሌላ ልጅ ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጪና አራቱ ማርክ የት እንደጠፋ ጮክ ብለሽ ለመናገር ሞክሪ። «አይዲያው ደከም ይላል» ካልሽ ገና ነሽ፣ «ምክንያቱን ጠቅሶ ዝም ብሎ አለፈ፣ የሚደግፍበት ነገር አላመጣም» ካልሽ ግን ሩብሪክሽ ተጀምሯል፣ ምክንያቱም ያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ሰንጠረዡ ውስጥ ይገባል። ሩብሪክ ከኢንተርኔት አይጀመርም፣ ካረምሽው ወረቀት ነው የሚጀመረው።

ይሄን የምልሽ እኔም ስለተቃጠልኩበት ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ የሚያምር ሩብሪክ አውርጄ ነበር፣ ስምንት ክራይቴሪያ፣ እያንዳንዱ ስር ኤክሰለንት፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር ተብሎ የተጻፈበት። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር አንድ ወረቀት ለየብቻ አረምንና እኔ 17፣ እሱ 11 ሰጠን። ሁለታችንም ያንኑ ሩብሪክ ይዘን! ለካ «ጉድ ኤቪደንስ» ለሱና ለኔ አንድ ነገር አይደለም፣ እኔ ምሳሌ ካለ ጉድ ነው የምለው፣ እሱ ደግሞ ምሳሌው ከነጥቡ ጋር ካልተያያዘ አይቆጥረውም። ሩብሪኩ ያደረገው ነገር ቢኖር የሁለታችንን የግል ስሜት በቁጥር ማልበስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስምንቱን እርሺውና አምስት ያዢ፦ ክሌም (ቴሲሱ)፣ ኤቪደንስና ሪዝኒንግ፣ ካውንተር አርጊዩመንት፣ ኦርጋናይዜሽን፣ ላንጉዌጅ። 110 ወረቀት እያረምሽ ከአምስት በላይ ነገር በጭንቅላትሽ አትይዢም፣ ስድስተኛው ላይ ስትደርሺ ዝም ብለሽ ቀድሞ የሰጠሽውን ቁጥር መድገም ትጀምሪያለሽ። ስፔሊንግና ፓንክቹዌሽን ለብቻ አይውጡ፣ ላንጉዌጅ ውስጥ ይግቡ። የእጅ ጽሁፍ የሚል ቦታ የሚያስገቡ አሉ፣ እኔ አላስገባም፣ ያ ልጅ ቆንጆ ስለጻፈ የተሻለ ተከራከረ ማለት አይደለም።

አሁን ክብደቱ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ፐርሰንት ይጽፍና በኋላ ሲደምር በነጥብ ቁጥር ይታመማል። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፣ ለአምስቱ ክራይቴሪያ ድምራቸው 25 የሚመጣ ሙሉ ቁጥሮች ስጪ። ከፍተኛው ደረጃ 4 ስለሆነ 4 ሲባዛ በ25 መቶ ይመጣል፣ ስሌቱ አለቀ። እኔ የምጠቀመው ክሌም 5፣ ኤቪደንስ 8፣ ካውንተር አርጊዩመንት 4፣ ኦርጋናይዜሽን 4፣ ላንጉዌጅ 4 ነው። ተማሪው ኤቪደንስ ላይ ደረጃ 3 ካገኘ 3 ሲባዛ በ8 ሃያ አራት፣ በቃ። ከ20 ስለሆነ የምትፈልጊው የመጨረሻውን ድምር ለ5 ማካፈል ነው።

ለምን ኤቪደንስ 8 ሆነ ካልሽኝ ሁለት ተማሪ ላሳይሽ። አንደኛዋ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የተማረች ናት እንበል፣ እንግሊዝኛዋ ፏ ያለ ነው። ክሌም 3፣ ኤቪደንስ 2፣ ካውንተር 2፣ ኦርጋናይዜሽን 3፣ ላንጉዌጅ 4። ሁለተኛው ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ነው፣ ግራመሩ ይንገዳገዳል፣ ፓራግራፍ አከፋፈሉም ገና ነው፣ ግን ይከራከራል። ክሌም 4፣ ኤቪደንስ 3፣ ካውንተር 3፣ ኦርጋናይዜሽን 2፣ ላንጉዌጅ 2። ያለ ክብደት ብትደምሪያቸው ሁለቱም 14 ከ20 ናቸው፣ እኩል። በክብደቱ ግን እሷ 15 ሲደመር 16፣ 8፣ 12 እና 16፣ 67 ከመቶ፣ እሱ 20 ሲደመር 24፣ 12፣ 8 እና 8፣ 72 ከመቶ። ከ20 ሲሆን 13.4 እና 14.4 ማለት ነው። ያጻፍሽው አርጊዩሜንታቲቭ ኤሴይ ከሆነ እሱ መብለጥ አለበት ብለሽ ካመንሽ ክብደቱ ልክ ነው። የለም፣ ይሄ ላንጉዌጅ ኮርስ ነው ካልሽ ደግሞ ላንጉዌጁን 6 አድርጊና ከኤቪደንስ 2 ቀንሺ፣ እኔ አልጣላሽም፣ ብቻ እያወቅሽ አድርጊው።

አንድ ተጨማሪ ፈተና አለኝ፣ ማንኛውንም ክብደት ስሰራ የምሞክረው። «ባዶ ግን ያማረ» እለዋለሁ። ክሌም፣ ኤቪደንስና ካውንተር ሶስቱም 1፣ ኦርጋናይዜሽንና ላንጉዌጅ ሁለቱም 4 የሆነ ወረቀት ስንት ያመጣል? በኔ ክብደት 5፣ 8፣ 4፣ 16፣ 16፣ ድምሩ 49። ክብደት ባይኖር ኖሮ 11 ከ20 ማለትም 55 ከመቶ ነበር። አንድም ክርክር የሌለው ወረቀት ከግማሽ በላይ ካመጣ ሩብሪኩ የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ያንቺንም ቁጥር በዚህ ሞክሪው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ዋናው ስራ እንግባ፣ በየደረጃው የሚጻፈው ነገር ነው ዋናው። አምስቱንም እዚህ ብጽፍልሽ ትገለብጪውና እንደኔ ትቃጠያለሽ፣ ስለዚህ ኤቪደንስን ብቻ በደንብ ላሳይሽ፣ ሌላውን በዛው መንገድ ትሰሪዋለሽ።

ርዕሱ «መንግስት የተማሪ ካፌውን ዘግቶ ለሁሉም ተማሪ በጥሬ ገንዘብ ይስጥ ወይስ ካፌው ይቀጥል» ነው እንበል፣ ካፌና ነን ካፌ የማያውቅ የግቢ ተማሪ የለምና ስለምን ልጻፍ ብሎ የሚያፈጥብሽ አይኖርም። መጻፍ የምትጀምሪው ከ4 አይደለም፣ ከ3 ነው። 3 ማለት «ያስተማርኩትን ሰርቷል» ነው። ክላስ ውስጥ ያስተማርሽው ምን ነበር? ምክንያት ስጡ፣ በምሳሌ ደግፉ፣ ምሳሌው ምን እንደሚያሳይ ተናገሩ። እሱኑ ጻፊው፦ «ቢያንስ ሁለት ምክንያት አለ፣ እያንዳንዱ ተጨባጭ ምሳሌ ወይም መረጃ አለው፣ ምሳሌው ከክሌሙ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ።» ወረቀት ላይ እንዲህ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ወደ አማርኛ ልመልሰው፦ «ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰልፍ ላይ 40 ደቂቃ ቆሜ የከሰዓቱ ክላስ አመለጠኝ። ገንዘቡ በእጄ ቢሆን በፈለግኩት ሰዓት በልቼ ክላሴን እደርስ ነበር፣ ስለዚህ ካፌው ጊዜያችንን ብቻ ሳይሆን ትምህርታችንንም እየወሰደ ነው።» ሊቅ አይደለም፣ ግን ምክንያት፣ ምሳሌ፣ ማያያዣ ሶስቱም አሉ።

ከዛ ወደ 2 ውረጂ፣ ከሶስቱ አንዱን በማጉደል። «ምክንያት አለ፣ ምሳሌውም ተጠቅሷል፣ ግን ምሳሌው ጥቅል ነው ወይም ከክሌሙ ጋር አልተያያዘም።» እንዲህ የሚለው ልጅ ነው፦ «ነን ካፌ ጊዜ ይቆጥባል። ጊዜ ወርቅ ነው። ብዙ ተማሪዎች ሰልፍ ላይ ይቆማሉ።» ሶስቱም እውነት ናቸው፣ ግን ማን ቆመ፣ ስንት ደቂቃ፣ ቆሞስ ምን ቀረበት የሚለውን ለአንባቢው ተወው። የፍሬሽማን ወረቀት አብዛኛው እዚህ ነው የሚወድቀው፣ የ2 እና የ3 ድንበር ላይ። ስለዚህ ጊዜሽን እዛ ድንበር ላይ አጥፊ፣ 4 ማን እንደሆነ ማንም ሰው ሲያየው ያውቀዋል።

1 «ምክንያት የለም፣ ወይም ምክንያት የመሰለው ነገር ክሌሙን በሌላ ቃል መድገም ነው» ይሁን። «ካፌው መዘጋት አለበት ምክንያቱም ካፌ ጥሩ አይደለም፣ ማንም አይወደውም።» ምክንያቱም የሚል ቃል ስላለ አትሸወጂ።

4 ላይ ደግሞ የተለመደው ስህተት ብዛት መጠየቅ ነው፣ 3 ሁለት ምክንያት ከሆነ 4 ሶስት ምክንያት ይላሉ። እንደዛ ካልሽ ተማሪው ሶስተኛ ደካማ ምክንያት ይለጥፍበትና 4 ይወስዳል። ልዩነቱ የጥራት ይሁን፦ «የ3 ሁሉ አለው፣ በተጨማሪም የራሱ ማስረጃ እስከየት እንደሚያስኬድ ያውቃል፣ ይመዝነዋል።» ለምሳሌ ስለ ሰልፉ ከጻፈ በኋላ «በርግጥ ሰልፉ የሚረዝመው ሁላችንም በአንድ ሰዓት ስለምንለቀቅ ነው፣ ሰዓት በመቀያየርም ሊቀንስ ይችላል፣ የማይቀንሰው ግን ለታመመ ወይም ለሚጾም ተማሪ የሚሆን ምርጫ ማጣቱ ነው» ቢል ያ ልጅ እያሰበ ነው የሚጽፈው። 45 ደቂቃ ውስጥ ክላስ ላይ ከተጻፈ ግን ምንጭ መጥቀስ አትጠይቂ፣ ከየት ያመጣዋል፣ ቤት ወስደው የሚሰሩት ሲሆን ብቻ ጨምሪው።

ልብ ካልሽ አራቱም ውስጥ «በጣም»፣ «በበቂ ሁኔታ»፣ «በተወሰነ መልኩ» የሚል ቃል የለም። ደረጃዎቹ የሚለያዩት በቅጽል ብቻ ከሆነ ተማሪው ሲመጣ አሁንም መልስ የለሽም። የጻፍሽውን ለመፈተን ተማሪው ወረቀቱ ላይ በጣቱ ሊያሳይሽ የሚችለው ነገር ነው ወይ ብለሽ ጠይቂ። «ማያያዣ ዓረፍተ ነገርህ የቱ ነው?» ስትዪው ወይ ያሳይሻል ወይ ዝም ይላል።

ካውንተር አርጊዩመንት ቶሎ ያልቃል። 1 የሌላው ወገን ሀሳብ ጭራሽ የለም፣ 2 ጠቅሶታል ግን አልመለሰለትም («አንዳንዶች ካፌው ይቀጥል ይላሉ፣ እኔ ግን አልስማማም»)፣ 3 ጠቅሶ በምክንያት መልሷል፣ 4 የሌላውን ወገን ጠንካራውን ነጥብ መርጦ፣ እውነት ያለበትን አምኖ፣ ከዛ መልሷል። ካፌው ይቀጥል የሚሉት ጠንካራ ነጥብ የሚሰጠው ገንዘብ ወሩን አያደርስም የሚለው ነው፣ ያንን ሸሽቶ «ካፌ የለመዱ ሰነፎች ናቸው» ብሎ የሚመልስ ልጅ መልሷል ብዬ 3 አልሰጠውም። ክሌም ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ አቋሙ አንዴ ተነብቦ ይታወቃል ወይ፣ ሊቃወሙት የሚቻል ነው ወይ፣ እስከ መጨረሻ ሳይገለበጥ ቆየ ወይ። መግቢያው ላይ «ካፌ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብሎ የሚጀምርና እዛው የሚያልቅ ወረቀት ይበዛብሻል፣ እሱ አቋም ስላልሆነ ከ2 አይበልጥም።

ላንጉዌጅ ላይ ስህተት አትቁጠሪ። እኔ የምለካው ስንት ጊዜ ደግሜ ለማንበብ ተገደድኩ በሚለው ነው። አንዴ አንብቤ ከገባኝ ስህተት ቢኖርበትም 3፣ አንዳንድ ቦታ ተመልሼ ካነበብኩ 2፣ ብዙ ቦታ ደጋግሜም ካልገባኝ 1፣ ስህተቱ ጥቂት ሆኖ ዓረፍተ ነገሩም የሚፈስ ከሆነ 4። አርቲክል መርሳት ለምሳሌ በኛ ልጆች በጣም የተለመደ ነው፣ በአማርኛ «ቤቱ» ስንል «ኡ» ናት ስራውን የምትሰራው፣ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ቃል የለንም፣ ስለዚህ «ዘ» እየዘለለ ቢጽፍ ትርጉሙ አይጠፋብሽም፣ ለሱ ብለሽ ደረጃ አታውርጂ። የጊዜ መዛባት ግን ማን መቼ ምን እንዳደረገ ካጠፋብሽ አውርጂ።

ኦርጋናይዜሽን ላይ የምትጠነቀቂው አንድ ነገር ነው፣ ሁለቴ መቅጣት። ልጁ ቴሲስ ስቴትመንት ከሌለው ክሌም ላይ ተቀጥቷል፣ ኦርጋናይዜሽን ስር «መግቢያው ግልጽ ቴሲስ አለው» ብለሽ ከጻፍሽ እንደገና ቀጣሽው፣ በአንድ ጥፋት ሁለት ፍርድ። እዛ ጋ መታየት ያለበት ፓራግራፉ ስለ አንድ ነገር ነው ወይ፣ ቅደም ተከተሉ ቢቀያየር ይጎዳል ወይ የሚለው ብቻ ይሁን። አምስቱንም ከጻፍሽ በኋላ አንድ ጥፋት ሁለት ቦታ ያስቀንሳል ወይ ብለሽ ሙሉውን አንብቢው፣ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ይገኛል።

ሌላው ደግሞ ሂሳቡ ራሱ የሚሰራብሽ ተንኮል አለ። በአራት ደረጃ ዝቅተኛው 1 ስለሆነ ሁሉንም 1 ያገኘ ልጅ 25 ከመቶ አለው፣ ሁሉንም 2 ያገኘ 50፣ ሁሉንም 3 ያገኘ 75። ስለዚህ ሁሉም ቦታ 2 የሆነው ወረቀት ልክ ግማሽ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ያንን ወረቀት ስታዪው ግማሽ ይገባዋል ትያለሽ? ካላልሽ ችግሩ ያለው 2 ላይ የጻፍሽው ነገር ላይ ነውና እሱን አጥብቂው፣ ቁጥሩን አትነካኪ። ከርዕስ ውጭ የጻፈ ወይም ከጓደኛው የገለበጠ ደግሞ ሩብሪኩ ውስጥ አይገባም፣ ያለበለዚያ የገለበጠው ልጅ ባማረ እንግሊዝኛ ማርክ ይሰበስባል፣ እሱን በመመሪያችሁ ለብቻ ጨርሺው። 2.5 መስጠትም አትጀምሪ፣ ግማሽ ከፈቀድሽ አራቱ ደረጃ ሰባት ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ለሰባቱ ደግሞ የጻፍሽላቸው ነገር የለም። አራት የመረጥሽበት አንዱ ጥቅም መሀል የሚባል መደበቂያ ስለሌለው ነው፣ ወይ ከመስመሩ በታች ነው ወይ በላይ።

ኤክሴል ላይ ስታስገቢ የመጀመሪያው መስመር ላይ ከB1 እስከ F1 ክብደቶቹን (5፣ 8፣ 4፣ 4፣ 4) ጻፊ፣ ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ A ላይ መታወቂያ ቁጥር፣ ከB እስከ F ደረጃዎቹን። G2 ላይ ይሄን አስገቢና ወደታች ጎትቺው፣ ከ20 ሆኖ ይመጣልሻል፦

```
=SUMPRODUCT(B2:F2,$B$1:$F$1)/5
```

የዶላር ምልክቶቹን አትርሺ፣ ካልኖሩ ወደታች ስትጎትቺ ክብደቱም አብሮ ይወርድና የሶስተኛው ተማሪ ውጤት በሁለተኛው ተማሪ ደረጃ ይባዛል፣ አንዳንዱ ሰው ሁሉንም 4 ያገኘው ልጅ 20 ሳይሞላለት ሲቀር ነው የሚነቃው።

ሁሉንም ከማረምሽ በፊት አምስት ወረቀት ምረጪ፣ የተለያየ አቅም ያለው፣ ኮፒ አድርገሽ ለአንድ ባልደረባሽ ስጪና ለየብቻ እረሙ። በአንድ ደረጃ ብትለያዩ ያለ ነው፣ ተነጋገሩበት። በሁለት ደረጃ ከተለያያችሁ ግን ያ ሳጥን ውስጥ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው ማለት ነውና እዛው ላይ እንደገና ጻፉት። እኔና ያ ባልደረባዬ 17 እና 11 የሰጠነውን ወረቀት በኋላ በአዲሱ ስናርመው የተለያየነው ካውንተር አርጊዩመንት ላይ ብቻ ነበር፣ እሱም በአንድ ደረጃ፣ ከ20 ሲሆን ዜሮ ነጥብ ስምንት። ስታርሚ ደግሞ ላንጉዌጁን መጨረሻ ላይ ስጪው፣ ቀድመሽ 4 ከሰጠሽው ኤቪደንሱም ሳታውቂው 3 ይመስልሻል። ሩብሪኩንም ከማጻፍሽ በፊት ለተማሪዎቹ ስጪያቸው፣ ከታረመ በኋላ የሚያዩት ከሆነ ሰበብ ነው የሚመስላቸው።

አሁን ያ ልጅ ተመልሶ መጣ እንበል። ወረቀቱን አላየሁትም፣ ግን 11 የሚያመጣ የተለመደ ወረቀት እንዲህ ነው፦ ክሌም 3፣ ኤቪደንስ 2፣ ካውንተር 1፣ ኦርጋናይዜሽን 3፣ ላንጉዌጅ 2። 15፣ 16፣ 4፣ 12፣ 8፣ ድምሩ 55፣ ለ5 ሲካፈል 11። (ክብደት ባይኖርም እሱ 11 ነው፣ አጋጣሚ ነው፣ ልዩነቱ የሚመጣው የቱን ቢያሻሽል ስንት ያገኛል የሚለው ላይ ነው።) አስቀምጪውና «አቋምህ ግልጽ ነው፣ እዚህ ጋ 3 አለህ። ካፌው ይቀጥል የሚሉ ሰዎች ያሉትን የቱ ጋ ነው የጻፍከው?» በዪው፣ ይፈልጋል፣ የለም። «ይቺ የሰልፏ ምሳሌ ምን እንደምታሳይ የተናገርክበትን አሳየኝ።» እሱም የለም። ከዛ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ከጎኑ ጻፊለት፦ የሌላውን ሀሳብ ጠቅሰህ በምክንያት ብትመልስ 1.6 ትጨምራለህ፣ ሁለቱን ምሳሌዎችህን ብታያይዝ ሌላ 1.6፣ 14.2 ትገባለህ፣ ግራመርህን በአንድ ደረጃ ብታሻሽል ግን 0.8 ብቻ ነው። ልጁ የሚቀጥለውን ኤሴይ ሲጽፍ መጀመሪያ የቱን እንደሚያስተካክል ከቢሮሽ ሳይወጣ ያውቃል።